500 ዶሮ ወይስ 10 ትሪ እንቁላል? ልብ የሚያሞቀውን ሐሳብ ከሚያዋጣው ለመለየት

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዕቁብ ወጣለት። እህቱ ከዱባይ የላከችለት ሲጨመርበት እጁ ላይ 400,000 ብር ገባ። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ደብተር ይዞ መጣ። ስሌቱ አጭር ነው፦ 500 እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ በቀን 450 እንቁላል፣ አንዱ በ13 ብር፣ መኖው ሲቀነስ በወር 89,000 ብር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ገጹን ሲገልጠው ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ የተጻፈችበት ሌላ ሐሳብ አለች፦ ከቢሾፍቱ እንቁላል እያመጡ አዲስ አበባ ላሉ ቁርስ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ማከፋፈል። «ይቺ እንኳን ለወሬም አትመች» ብሎ ሊያልፋት ሲል አስቆምኩት።

እኔ ሰበታ ጓሮዬ ውስጥ 200 ዶሮ ይዤ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ ትንሽ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን «ተው» አላልኩትም፤ ልቡ የሞቀን ሰው «ተው» ማለት እልህ ውስጥ መክተት ነው። ሁለቱን ሐሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጠን አንድም ብር ሳናወጣ እንፈትሻቸው አልኩት። እንዴት እንደፈተሽናቸው ነው የምጽፈው። የዶሮ ነገር ለማይመለከታችሁም ፈተናው ያው ነው፤ እኔ ግን የማውቀው ዶሮውን ስለሆነ በዚያው እሄዳለሁ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ላስቀድም። የመኖም የእንቁላልም ዋጋ በየሳምንቱ ይዋዥቃል። እዚህ የተጠቀምኩባቸው ቁጥሮች እሱ ደብተር ላይ የነበሩትና ለስሌት እንዲመቹ የያዝናቸው ናቸው። ስታሰሉ የዕለቱን ዋጋ ተኩበት።

ስሌቱ የየትኛው ቀን ነው?

ልብ የሚያሞቅ ሐሳብ ሁልጊዜ በጥሩ ቀኑ ይሰላል። «በቀን 450 እንቁላል» ማለት ከ100 ዶሮ 90ው ይጥላል ማለት ነው። ውሸት አይደለም። ጥሩ ዝርያ ያለው መንጋ በደንብ ከተያዘ ከ26ኛው ሳምንት በኋላ እዚያ ይደርሳል፤ ይበልጣልም። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። መኖው ሲቀላቀል ፕሮቲኑ ካነሰ ይወርዳል፤ ውሃው ለግማሽ ቀን ከተቋረጠ ይወርዳል። ጣይ ዶሮ በቀን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ አገር ፀሐይ የምትሰጣት 12 ገደማ ነው። ቀሪውን አምፖል ይሞላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አይሞላም። ጓሮ ውስጥ በተያዘ መንጋ እኔ ከመጣያው ጊዜ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አማካይ ሲወሰድ ከ70 እስከ 75 ነው ያየሁት። ዶሮም ይሞታል። ከ500 በአማካይ 470 በሕይወት አሉ ብለን ያዝን።

የሚበሉት መጠን ግን አይዋዥቅም። አንዲት ጣይ ዶሮ ብትጥልም ባትጥልም በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች። ኩንታሉን 5,000 ብር ብንለው፣ ከ100 ዶሮ 80ው ሲጥል አንዱ እንቁላል የ7 ብር ከ20 ሳንቲም መኖ ይፈጃል። 60 ሲጥል ደግሞ 9 ብር ከ60 ሳንቲም። ዶሮዋ ያው፣ መኖው ያው፤ ትርፉ ግን ሸሽቷል።

ከዚያ ሁዳዴ አለ። 55 ቀን ነው። እንቁላል በአዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ጾም የማይጾም ብዙ ሰው አለ። ቁርስ ቤቱ ግን ፍርፍሩን በዘይት ይሠራል፣ ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ይጋግራል፣ የገዢው ቁጥርም ዋጋውም ይወርዳል። ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም። በየቀኑ ትጥላለች፤ የማይነሳ እንቁላል ቤት ይሞላል። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ «የፈለጋችሁትን ስጡኝ» ያልኩባቸውን ሳምንታት እስከ ዛሬ አልረሳም።

ሦስቱን ወር ጎን ለጎን ስናደርጋቸው እንዲህ ወጣ፦

| | የደብተሩ ወር | የዘወትር ወር | የሁዳዴ ወር |
|---|---|---|---|
| በሕይወት ያሉ ዶሮዎች | 500 | 470 | 470 |
| የቀን እንቁላል | 450 | 338 | 338 |
| የአንዱ ዋጋ (ብር) | 13 | 13 | 10 |
| የወር ሽያጭ | 175,500 | 131,820 | 101,400 |
| መኖ | 86,250 | 81,075 | 81,075 |
| ሠራተኛ፣ ኪራይ፣ መድኃኒት፣ ሰጋቱራ፣ መጓጓዣ | አልተጻፈም | 26,000 | 26,000 |
| የቀረ | 89,250 | 24,745 | 5,675 ኪሳራ |

አሁንም አላለቀም። ቄቦቹን አንዷን በ700 ብር ገዝቶ፣ መጣል ሲያቆሙ በሕይወት የቀሩትን 450 ገደማ በ400 ብር ቢሸጣቸው (ያውም በዓል ጠብቆ፣ የፈረንጅ ዶሮ ለወጥ አይሆንም የሚሉትን አግባብቶ) 170,000 ብር ጎድሏል። በ13 የመጣያ ወራት ሲካፈል በወር 13,000 ነው። ስለዚህ የዘወትሩ ወር ትርፍ 11,700 ብር ገደማ ሆነ። በዓመት ሁለት ወር እንደ ሁዳዴው ካለፈ፣ የዓመቱ ድምር 79,000 ገደማ ነው። ነቢያትንና ፍልሰታን አልቆጠርኩም። ፈንግልንም አልቆጠርኩም፤ ክትባቱ ካለፈ ወይም ክትባቱ ራሱ በመንገድ ሙቀት ነክቶት ከነበረ፣ ፈንግል መንጋውን በሳምንት ውስጥ ይጠርጋል።

«ታዲያ ትርፍ አለው አይደል?» አለኝ። አለው። የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን 400,000 አልነበረም። ለቄቦቹ 350,000፣ ለቤቱና ለኬጁ 90,000፤ የሦስት ወር ቄብ ገዝቶ መጣል እስክትጀምር ለሚያልፉት ሰባት ሳምንታት ደግሞ ከ18 ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ መኖ፣ 92,000 ብር። ድምሩ 532,000 ነው። የመጀመሪያው እንቁላል ሳይታይ ገንዘቡ አልቆ ተበዳሪ ይሆን ነበር። ብዙ ዶሮ ቤት የሚዘጋው በበሽታ ይመስላል፤ እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የወደቁት። መኖ መግዣ ሲያጥር መኖው በፉርሽካ ይበዛል፣ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ መኖ መግዣው ይበልጥ ያጥራል።

ይኸው ነው የመጀመሪያው ልዩነት። የሁለቱንም ሐሳብ የክፉ ወር ስሌት ጻፉ። ማከፋፈሉን ስናየው የሁዳዴ ወር ምንድን ነው? ትእዛዙ በግማሽ ይወርዳል፣ እሱም ግማሹን ይገዛል። ትርፉ ያንሳል እንጂ በየቀኑ 54 ኪሎ የሚበላ አፍ ቤት ውስጥ የለም።

ይህን ሐሳብ ማን ነገረህ?

የ90 በመቶውን ስሌት ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅኩት። ስልጠና ወስዶ ነው። ስልጠናውን የሰጡት ሰዎች ቄብ ይሸጣሉ፣ ኬጅ ይሸጣሉ፣ መኖም ያቀርባሉ። ሰዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚሸጡትን ነገር በጥሩ ቀኑ ማሳየታቸው የሻጭ ደንብ ነው። ግን ልብ በሉ፦ እሱ ቢያተርፍም ቢከስርም እነሱ ያተርፋሉ።

ከዚያ ሌላ ሰው አለ፤ የተወው ሰው። እሱን ማግኘት ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ «ያገለገለ ኬጅ ይሸጣል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ፈልገን ሦስት ሰዎች ጋ ደወልን። ገዢ ነን አላልንም፤ ልንጀምር ስላሰብን ለምን እንደተዉት ቢነግሩን ብለን ጠየቅን። ከስሮ የተወ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የሚሰማው አጥቶ የከረመ ነገር አለው። አንዱ አርባ ደቂቃ አወራን። ስለ ዶሮ በሽታ ብዙም አላነሳም። የመኖ ዋጋ በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ ጨምሮ እንቁላሉን ግን አከፋፋዩ በድሮው ዋጋ ብቻ ካልወሰድኩ እንዳለው ነው የነገረን። የወንድማችን ፊት ያኔ ነው የተለወጠው፤ በእኔ ሠንጠረዥ አልነበረም።

ከማስታወቂያው ራሱ የሚነበብ ነገር አለ። ኬጁ አዲስ ሊባል ምንም ያልቀረው፣ አንድ ዙር ብቻ የሠራ ከሆነ፣ ሰውየው ሁለተኛ ዙር ለመጀመር አቅም ወይም ወኔ አጥቷል ማለት ነው።

«በርታ» ትእዛዝ አይደለም

ማከፋፈሉንም እንዲሁ አላሳለፍነውም። አሰልቺ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ሐሳብ አይሆንም፤ ይህ የተገላቢጦሽ ስህተት ብዙ ቁጥብ ሰዎችን ያሳስታል።

መገናኛና ሃያ ሁለት አካባቢ 12 ቤቶች መርጦ ዞረ። መጀመሪያ ቀን የሄደው በራሱ መንገድ ነበር። አንዲት የቁርስ ቤት ባለቤት ጋ ገብቶ «እትዬ፣ እንቁላል በር ድረስ ባመጣልዎትስ?» አላቸው። «ውይ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው የኔ ልጅ፣ በርታ፣ እግዜር ይርዳህ» አሉት። ከ12ቱ ዘጠኙ እንዲሁ አሉት። እየፈነደቀ ተመለሰ።

እኛ አገር ፊት ለፊት «አልፈልግም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «በርታ» የሚባለው ለልጁ እንጂ ለእንቁላሉ አይደለም። ስለዚህ በማግስቱ ያው ቤቶች ጋ ሌላ ጥያቄ ይዞ እንዲሄድ አደረግሁ። ስለ ነገ ምንም አይጠይቅም፤ ስላለፈው ሳምንት ብቻ። ስንት ትሪ ገዙ? ከማን? ስንት ከፈሉ? ስንቱ ተሰብሮ ደረሰ? እንቁላል አልቆብዎ ደንበኛ የመለሱት መቼ ነው?

እትዬ ተቀመጡና በእርጋታ ነገሩት። «እኔ የምወስደው ከዚያ ጥግ ካለው ሱቅ ነው። ትንሽ ያስወድዳል። ግን በዱቤ ይጽፍልኛል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ እዘጋለሁ።» ትናንት «በርታ» ያሉት እትዬ ደንበኛ እንዳልሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታወቀ። የሚወዳደረው ከሱቁ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከሱቁ ደብተር ጋር ነው፤ በእንቁላል አንድ ብር ቢቀንስላቸውም አይመጡም።

ትናንት እምብዛም ፊት ያልሰጠው ኬክ ቤት ግን ሌላ ወሬ ነበረው። በየቅዳሜው አንድ ሠራተኛ ገበያ ይልካል፤ ልጁ ግማሽ ቀን ይጠፋል፣ የመኪና ይከፈላል፣ ከየትሪው ሁለት ሦስት እንቁላል ተሰብሮ ይመጣል። ባለቤቱ ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ አለ። እንዲህ ዓይነቱን ቁጣ ፈልጉ። ሰውየው አሁን ራሱ ገንዘብና ጊዜ እያፈሰሰበት ያለ ችግር ከሆነ መፍትሔውን ይገዛል። ምንም እያደረገበት ካልሆነ ችግሩ ለእናንተ እንጂ ለሱ ችግር አይደለም።

ሦስተኛው ዙር ቀብድ ነው። አንድ ትሪ በር ድረስ 435 ብር፣ ማክሰኞ ይደርሳል፣ ግማሹን ዛሬ። ከመሄዱ በፊት ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ያደረግኩት አንድ መስመር ነበር፦ «ከ12 ቤት ሦስት ቀብድ ካልሰጡ እተወዋለሁ።» ቁጥሩ ሦስት መሆኑ ምሥጢር የለውም፤ ዋናው ነገር ቀድሞ መጻፉ ነው። ካልተጻፈ፣ አንድ ቤት ብቻ ቢከፍል «አንድም ጥሩ ነው፣ ሲያዩ ይመጣሉ» ይባላል፤ ልብ ለራሱ ፍርድ ሲሰጥ ሁልጊዜ ነፃ ነው።

ሦስት ሰጡ። ኬክ ቤቱ፣ አንድ በርገር ቤትና ዘመዱ ያስተዋወቀው ሌላ ቁርስ ቤት። የሦስተኛውን እኔ አልቆጠርኩትም፤ በዘመድ የመጣ ቀብድ ይሉኝታ አለበት። እሱ ቆጠረው። ተከራክረን፣ አንድ ዘመድ የሌለው ቤት ይጨምር ተባባልን፤ በሦስተኛው ቀን ጨመረ።

ለዶሮ እርባታው ተመሳሳይ ፈተና ስናስብለት ደግሞ የሚገርም ነገር ታየ። የሚያረባው ሰው እንቁላሉን ለማን ነው የሚሸጠው? ለአከፋፋይ ነው። ቀብድ ሊሰጠው የሚችል አከፋፋይ ሁለት ጠየቀ። ሁለቱም «ዶሮው ሲጥል ደውል» አሉት። ልክ ናቸው፤ ወራት ቆይቶ ለሚመጣ እንቁላል ማን ዛሬ ዋጋ ይቆርጣል?

ትንሹ ሙከራ ስንት ነው?

10 ትሪ በ390 ብር ሂሳብ 3,900 ብር ነው። ቀብዱ ሲቀነስ ከኪሱ የሚወጣው ያንሳል፤ ባይሳካ እንቁላሉን ጎረቤት ይበላዋል። በዶሮው በኩል ትንሽ ሙከራ ይኖራል ወይ? 20 ዶሮ ይዞ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን 20 ዶሮ የ500ውን ጥያቄ አይመልስም። 20 ዶሮ የቤት ትራፊ ይበላል፣ ቤተሰብ ያየዋል፣ እንቁላሉን ሰፈር ይጨርሰዋል። ገበያው፣ መኖው፣ በሽታው የሚመጡት መንጋው ሲበዛ ነው። ሙሉውን ገንዘብ ካላፈሰሱበት በቀር እውነቱን የማይናገር ሐሳብ ከሌሎች ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል።

አሁን የማከፋፈሉን ጉድፍ ላውጣ፤ አለበት። 10 ደንበኛ በሳምንት አራት አራት ትሪ ቢወስድ፣ በትሪ 45 ብር፣ 1,800 ብር ነው። ከመቶ ሁለት እንቁላል ተሰባሪ 312፣ መጓጓዣ 600፤ በሳምንት የሚቀረው 888 ብር። ይህ ደሞዝ አይደለም። 30 ደንበኛ ሲሆን መጓጓዣው ወደ 1,200 ከፍ ብሎ በሳምንት 3,264 ብር ይቀራል፤ በወር ወደ 14,000። የዶሮውን የዘወትር ወር ያልፋል፤ የሚይዘው ገንዘብ ደግሞ ሩቡን እንኳ አይደርስም፣ በጥሬ ገንዘብ ከተሸጠ።

ችግሩ ያቺ «ከተሸጠ» ናት። ደንበኞቹ ሁለት ሳምንት ዱቤ ከጠየቁ 104,400 ብር ውጭ ያድራል። አራት ትሪ የሚወስድ አንድ ቤት የሁለት ሳምንቱን ሳይከፍል ቢዘጋ 3,480 ብር ይዞ ሄደ፤ ከ30ው ደንበኛ ሁሉ የተለፋበት የአንድ ሳምንት ትርፍ ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህኛው ሐሳብ ወሳኙ ጥያቄ «ገዢ አለ ወይ» ሳይሆን «ሲደርስ ከፍሎ የሚወስድ ገዢ አለ ወይ» ነው። ቀብዱም የሚፈትነው ይህንኑ ነው።

ዶሮ ማርባት ሞኝነት ነው እያልኩ አይደለም። የራሱ ቦታ ያለው፣ በቆሎ የሚያመርት ቤተሰብ ያለው፣ ሁለተኛውን ዙር ቄብ መግዣ ገንዘብ ከመጀመሪያው ለይቶ ያስቀመጠና ቋሚ ገዢ የያዘ ሰው ጋ ሠንጠረዡ ሌላ ይሆናል። ኪራዩ ይወጣል፣ መኖው ይረክሳል፣ በሁዳዴም የሚለምነው ሰው አይኖርም። ወንድማችን ከአራቱ አንዱም አልነበረውም። በማከፋፈሉ ግን አራተኛውን፣ ቋሚ ገዢውን፣ ገንዘብ ሳያፈስ ሊያገኘው ይችላል።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ 34 ትሪ ያደርሳል። ገና 14,000ው ጋ አልደረሰም፤ በቅርብም አይደርስም። ከ400,000ው አብዛኛው ባንክ ነው። በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት እኔ ቤት ምሳ እየበላን ስልኩ ጮኸ። ቢሾፍቱ ያለው ዶሮ አርቢ ነበር። ድምፁ ከስፒከሩ ይሰማል፦ «ወንድሜ፣ ቤቱ ሞልቶብኛል። ዋጋውን አንተ ቁረጥ፤ ብቻ ዛሬ 50 ትሪ አንሳልኝ።»

ወንድማችን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «20 ነው የምችለው» አለው።